ቤታን ከኮቫሪያንስ አስልቶ ከአንድ አክሲዮን የሚጠየቀውን ትርፍ እንዴት ማንበብ ይቻላል?

ካፒታል አሴት ፕራይሲንግ ሞዴል፣ ባለሙያዎች በአጭሩ «ካፕ-ኤም» የሚሉት ስሌት፣ ዊልያም ሻርፕ በ1964 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሲሆን፣ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። ይህን አክሲዮን ስይዝ ለምሸከመው ስጋት ቢያንስ ስንት በመቶ ትርፍ መጠየቅ ይገባኛል? መልሱ ሦስት ቁጥሮችን ይፈልጋል፤ እነሱም ከስጋት ነጻ የሆነ ወለድ፣ ገበያው ከዚህ ወለድ በላይ ይሰጣል ተብሎ የሚገመተው ማካካሻ እና አክሲዮኑ ገበያውን ተከትሎ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ የሚለካው ቤታ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ከሌላ ቦታ እንወስዳለን፤ ቤታን ግን ራሳችን እናሰላለን፣ ስሕተቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው እዚያ ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል በኒው ዮርክ ገበያ የሚሸጥ አንድ አክሲዮን አለ እንበል፤ ገበያውን የሚወክልልን ደግሞ የኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስ ይሁን። ከታች ያሉት የስድስት ወር ቁጥሮች ለማስተማሪያ የተፈጠሩ ናቸው። በተግባር የተለመደው የ60 ወር መረጃ ነው፤ ስድስቱን የመረጥኩት አንባቢ በወረቀትና በእርሳስ መከታተል እንዲችል ነው።

መጀመሪያ ዋጋን ወደ ወርሃዊ ትርፍ መለወጥ ያስፈልጋል። የወሩ መጨረሻ ዋጋ ላይ በወሩ የተከፈለ የትርፍ ድርሻ ካለ ይደመራል፤ ከዚያ የወሩ መጀመሪያ ዋጋ ይቀነስና ውጤቱ ለዚያው ለመጀመሪያው ዋጋ ይካፈላል። ይህን ደረጃ ዘሎ የዋጋዎቹን ኮቫሪያንስ፣ ማለትም ሁለቱ አብረው የሚንቀሳቀሱበትን መጠን፣ በቀጥታ ማስላት ትርጉም የለሽ ቁጥር ይሰጣል፤ ምክንያቱም ለዓመታት ወደ ላይ የወጡ ሁለት ዋጋዎች እርስ በርስ ምንም ግንኙነት ባይኖራቸው እንኳ አብረው የሄዱ ይመስላሉ።

ትርፎቹ በመቶኛ እንዲህ ሆነው ተገኙ እንበል፦

```
ወር   ገበያ (A)   አክሲዮን (B)
1       4          7
2      -2         -1
3       3          3
4      -1         -2
5       5          8
6      -3         -3
```

የገበያው አማካይ 1 ነው፤ የአክሲዮኑ አማካይ ደግሞ 2 ነው። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ወር ትርፍ የየራሱን አማካይ እንቀንሳለን። ለገበያው 3፣ -3፣ 2፣ -2፣ 4 እና -4 ይወጣሉ፤ ለአክሲዮኑ ደግሞ 5፣ -3፣ 1፣ -4፣ 6 እና -5። የሁለቱም ድምር ዜሮ መሆኑን እዚሁ ላይ ማረጋገጥ ይጠቅማል፤ ዜሮ ካልመጣ አማካዩ ተሳስቷል ማለት ነው።

አሁን የየወሩን ሁለት ልዩነቶች እናባዛለን፦ 15፣ 9፣ 2፣ 8፣ 24 እና 20፤ ድምራቸው 78 ነው። ሁሉም አዎንታዊ የሆኑት ገበያው ከአማካዩ በላይ በሆነበት ወር አክሲዮኑም ከአማካዩ በላይ፣ በወረደበት ወር አክሲዮኑም በታች ስለነበረ ነው። የገበያውን ልዩነቶች ለየብቻ በራሳቸው ስናባዛና ስንደምር ደግሞ 58 እናገኛለን። ስድስት ወር ስላለን፣ ከስድስቱ አንድ ቀንሰን ሁለቱንም ለ5 እናካፍላለን፤ ኮቫሪያንሱ 15.6፣ የገበያው ቫሪያንስ፣ ማለትም የራሱ የመወዛወዝ መጠን፣ 11.6 ይሆናል። ቤታ የሁለቱ ውድር ነው፦

```
15.6 / 11.6 = 1.34
```

ይህም ማለት ገበያው ከአማካዩ በ1 በመቶ ሲንቀሳቀስ ይህ አክሲዮን በአማካይ በ1.34 በመቶ አብሮት ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። አክሲዮኑ በራሱ ምክንያት፣ ለምሳሌ በሥራ አስኪያጅ ለውጥ ወይም በአንድ ፋብሪካ መቃጠል የሚወዛወዘው መወዛወዝ በቤታ ውስጥ አይገባም፤ ሞዴሉ ብዙ አክሲዮን የያዘ ሰው ያንን ስጋት በማከፋፈል ያጠፋዋል ብሎ ስለሚያስብ ማካካሻ አይሰጥበትም።

በኤክሴል ሲሠራ ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ እኔም በጀማሪነቴ ወድቄበታለሁ። ፕሮግራሙ ለ5 የሚያካፍሉ እና ለ6 የሚያካፍሉ ሁለት ዓይነት ቀመሮች አሉት፦

```
=COVARIANCE.S(A2:A7,B2:B7)/VAR.S(A2:A7)    1.34
=COVARIANCE.P(A2:A7,B2:B7)/VAR.P(A2:A7)    1.34
=COVARIANCE.P(A2:A7,B2:B7)/VAR.S(A2:A7)    1.12
```

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ውጤት የሚሰጡት ማካፈያው ከላይም ከታችም አንድ ስለሆነና ስለሚጣፋ ነው። ሦስተኛው ሁለቱን ያደባልቃል፤ ከላይ ለ6፣ ከታች ለ5 ስለሚያካፍል ቤታን ያሳንሳል። በ60 ወር መረጃ ልዩነቱ ከ2 በመቶ በታች ስለሆነ ሳይታይ ያልፋል፤ በአጭር መረጃ ግን ከባድ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ `=SLOPE(B2:B7,A2:A7)` ብሎ ከራስ ውጤት ጋር ማነጻጸር። እዚህም አክሲዮኑ ቀድሞ፣ ገበያው ቀጥሎ መግባት አለበት፤ ቦታ ከተለዋወጡ ውጤቱ 0.70 ይሆናል።

ቤታ ከተገኘ የሚቀረው አጭር ነው። ዓመታዊው ከስጋት ነጻ የሆነ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ሰነድ ወለድ 4 በመቶ፣ ገበያው ከዚያ በላይ ይሰጣል ብለን የገመትነው ማካካሻ 5 በመቶ ቢሆን፦

```
4 + 1.34 x 5 = 10.7
```

እዚህ ላይ በቤታ የሚባዛው ማካካሻው እንጂ የገበያው ጠቅላላ ትርፍ አይደለም፤ 9ኙን ያባዛ ሰው ወለዱን ሁለት ጊዜ ይቆጥራል። ወለዱና ማካካሻውም ሁለቱም ዓመታዊ መሆን አለባቸው።

10.7 በመቶ ትንበያ አይደለም፤ መጠየቂያ ነው። አክሲዮኑ ባለፉት ስድስት ወራት በወር በአማካይ 2 በመቶ ማስገኘቱ በዚህ ቁጥር ውስጥ አንድም ቦታ የለውም፤ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ነው። ትንበያው ከራሳችን ጥናት ይመጣል። አክሲዮኑ ዛሬ 100 ዶላር ነው፣ ከዓመት በኋላ 108 ዶላር ሆኖ 2 ዶላር የትርፍ ድርሻ ይከፍላል ብለን ብንገምት የምንጠብቀው ትርፍ 10 በመቶ ነው፤ ከሚጠየቀው ያንሳል። 110 ዶላሩን ለ1.107 ስናካፍል የሚገባው ዋጋ 99.4 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ በ100 ዶላር ትንሽ ተወድዷል። በተደባለቀው ቀመር፣ በቤታ 1.12 ቢሆን ግን የሚጠየቀው ትርፍ 9.6 በመቶ፣ ተገቢው ዋጋም 100.4 ዶላር ገደማ ይሆንና ያው አክሲዮን «ግዛኝ» ይላል። አንድ የፊደል ልዩነት ውሳኔውን ገለበጠው።

ይህን ያህል ለጥቂት ነጥብ የሚገለበጥ ውሳኔ ግን በትክክለኛው ቀመርም ቢሆን ሊታመን አይገባም። ከፍ ብለው የተለኩ ቤታዎች በቀጣዩ ዘመን ወደ 1 የመጠጋት ጠባይ ስላላቸው፣ ብዙ ተንታኞች የተገኘውን ቤታ ሁለት ሦስተኛ እና የ1ን አንድ ሦስተኛ ደምረው ይጠቀማሉ። በዚህ መንገድ የእኛው ቤታ 1.23፣ የሚጠየቀውም ትርፍ 10.15 በመቶ ይሆናል፤ ከ10 በመቶው ግምታችን ጋር ያለው ልዩነት ከማንኛችንም የግምት ስሕተት ያነሰ ነው። እንዲህ ሲሆን ቤታው በግማሽ ነጥብ ከፍና ዝቅ ቢል ውሳኔው ይጸናል ወይ ብሎ መሞከር ከሦስተኛው የአስርዮሽ ቁጥር ጋር ከመታገል ይሻላል።

ስሌቱን አገር ቤት ላለ አክሲዮን ማዋል የሚፈልግ አንባቢ ከሁሉ በፊት የዋጋውን ዓምድ ይመልከት። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ የተከፈተው በጥር 2017 ዓ.ም. ስለሆነ የ60 ወር ታሪክ ገና የለውም። ከገበያው ውጭ በተጻፈበት ዋጋ ለዓመታት የሚሸጥ የባንክ አክሲዮን ደግሞ በዋጋ ዓምዱ ላይ ያው አንድ ቁጥር ይደጋገማል፤ ኮቫሪያንሱ ዜሮ አካባቢ ይወጣል፣ ሞዴሉም ከግምጃ ቤት ሰነድ እኩል ትርፍ ይበቃዋል ይላል። ያ ዜሮ ስጋት አለመኖሩን አይናገርም፤ ዋጋው ያልተለካ መሆኑን እንጂ።