ሊትሬቸር ሪቪውህ ዝርዝር ሆኖብሃል?

ምልክቱ፦ አማካሪህ ረቂቁን «ታዲያ ምን ይሁን?» ብሎ መለሰልህ። አንቀጾቹን እያቸው። ሁሉም በአጥኚ ስም ይጀምራሉ፤ እገሌ ይህን አጠና፣ እገሊት ያንን አገኘች። ሦስተኛውንና ሰባተኛውን አንቀጽ አቀያይር። ምንም ካልተበላሸ ዝርዝር ነው የያዝከው። አንዱ ተማሪ 22 አንቀጽ ይዞ መጣ። እንደ ካርታ በወዝነው፤ ጭራሽ አልታወቀበትም።

ምክንያቱ፦ ጥፋቱ ከአጻጻፉ ሳይሆን ከማስታወሻው ነው። ጽሑፍ በጽሑፍ ከያዝከው፣ ስትጽፍም እንደዚያው ይወጣል። ስለዚህ «በተመሳሳይ» እና «በሌላ በኩል» እየጨመርክ አትልፋ። ይህን ማሳመሪያ ስንቴ እንዳየሁት!

መፍትሄው፦ ሰንጠረዥ ሥራ። ጥናቶቹ ወደ ጎን በየረድፉ፣ ጥያቄዎች ወደ ታች በየዓምዱ ይግቡ። ርዕስህ ሚዲያ በሕዝብ ላይ ያለው ተጽዕኖ ነው እንበል። «አጀንዳ ሴቲንግ» የሚል ዓምድ ግን አታውጣ። እሱ ሚዲያው የሚያገዝፈው ጉዳይ ሕዝቡንም ያሳስበዋል የሚል ቲዎሪ ስም ነው፤ ሁሉንም ይውጣል። በጥያቄ ተካው፦ «ሚዲያው ነው ሕዝቡን የሚመራው ወይስ ሁለቱም እውነታውን ይከተላሉ?»

አሁን ሙላው። ማክኮምብስና ሾው (1972) በቻፕል ሂል ምርጫቸውን ያልወሰኑ 100 መራጮችን ጠየቁ። ሚዲያው ያገዘፈውና መራጩን ያሳሰበው ጉዳይ በጣም ተቀራረበ። ማን ማንን እንደመራ ግን አይነግረንም። ፈንክሃውዘር (1973) የ1960ዎቹን የአሜሪካ ዜና መጽሔቶች ከሕዝብ አስተያየትና ከእውነታው አኃዝ ጋር አነጻጸረ። ሕዝቡ ከዘገባው ጋር ሄደ፤ ዘገባው ግን ከእውነታው ጋር ሁልጊዜ አልሄደም። ኢየንገርና ኪንደር (1987) ደግሞ ለተሳታፊዎች የሚታየውን ዜና ራሳቸው ቀያየሩ። አንድ ችግር ደጋግሞ የታየው ሰው ለዚያ ችግር የሚሰጠው ክብደት ጨመረ።

አንቀጹን ከዓምዱ ጻፈው እንጂ ከረድፉ አይደለም፦

«የሚዲያና የሕዝብ አጀንዳ እንደሚቀራረቡ ቀድሞ ታይቷል (ማክኮምብስና ሾው፣ 1972)፤ አቅጣጫው ግን አልታወቀም ነበር። ሁለቱም እውነታውን ብቻ ይከተላሉ የሚለውን ግምት ፈንክሃውዘር (1973) አዳከመው። ማን ማንን እንደሚመራ በሙከራ የለዩት ኢየንገርና ኪንደር (1987) ናቸው።»

እዚህ ዓረፍተ ነገር አቀያይር እስቲ። ይፈርሳል። አንድ ጥናት ሁለት ዓምድ ውስጥ ቢገባም ችግር የለውም።

ተጠንቀቅ፦ ሰንጠረዡን ከአብስትራክት አትሙላ። ዘዴው ሳይነበብ ሁሉም ጥናት የተስማማ ይመስላል። ከተለያዩም «ውጤቱ የተለያየ ነው» ብለህ አትለፍ፤ የለያያቸውን ፈልግ። ዙከር (1978) የሚዲያው ተጽዕኖ የሚጎላው ሰው በራሱ ኑሮ በማያየው ጉዳይ ላይ ነው ይላል። ይኸው አዲስ ዓምድ።

ዓምዱ ባዶ ከቀረ «ክፍተት አገኘሁ» ብለህ አትዝለል። መጀመሪያ የፍለጋ ቃልህን ቀይረህ ሞክር።