ራሱን የሚቃረን ቃል እንዴት ይገኛል?

«እገዳው ተነሳ» ሲባል እገዳው ቀረ ማለት ነው። «ጠብ ተነሳ» ሲባል ግን ጠቡ ገና መጀመሩ ነው። ግሱ ያው ተነሳ ነው፤ ፍቺው ግን ተገላበጠ። እንዲህ ያለውን ራሱን የሚቃረን ቃል እንበለው። ብዙ ፍቺ ያለው ቃል ሁሉ ግን እዚህ አይመደብም።

1. ቃሉን ብቻውን አይመርምሩት። ባለቤቱን እየቀያየሩ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይጻፉ። ነፋስ ተነሳ። ጥያቄ ተነሳ። ሐውልቱ ተነሳ። እገዳው ተነሳ። ልጁ ፎቶ ተነሳ። ፍለጋውን ከእንቅስቃሴ ግሶች ቢጀምሩ ቶሎ ይቀናዎታል።

2. በእያንዳንዱ ላይ «አሁን ነገሩ አለ ወይስ የለም?» ብለው ይጠይቁ። ነፋሱ አለ፣ ጥያቄውም አለ። ሐውልቱ ከቦታው የለም፣ እገዳውም የለም። ተቃርኖው ያለው እዚህ ነው። ፎቶው ላይ ጥያቄው ራሱ አያስኬድም፤ እሱ ተራ ተጨማሪ ፍቺ ስለሆነ ወደ ጎን ይተዉት።

3. ሁለቱ ፍቺዎች ከአንድ ሐሳብ የወጡ መሆናቸውን ይዩ። ተነሳ ከነበረበት ከፍ ማለት ነው። ተኝቶ የነበረ ነገር ሲነሳ ይታያል፤ ተጭኖ የነበረ ሲነሳ ይወገዳል። ነፋስና ጠብ ከተኙት ወገን ናቸው፣ እገዳ ከተጫኑት። «ሳለ» ግን እንዲህ አይያያዝም። ቢላ ሳለ፣ ሥዕል ሳለ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳለ፦ ፍቺው ብዙ ነው፣ ተቃርኖ ግን የለበትም።

4. ጮክ ብለው ያንብቡት። ይሄ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። «አንበሳው ይበላል» የሚለው ወረቀት ላይ በላተኛም ተበይም ያደርገዋል። ሲነበብ ግን ተበይ ከሆነ «በ» ይጠብቃል፣ በላተኛ ከሆነ ይላላል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ነው እንጂ አንድ ቃል አይደለም።

5. አጃቢውን ቃል አውጥተው ይሞክሩ። «ተስፋ ቆረጠ» ያው መተው ነው፤ «ቆርጦ ተነሳ» ደግሞ መወሰን። ተቃራኒ ይመስላሉ። ተስፋ የሚለውን ሲያወጡት ግን ቆረጠ ብቻውን «ተወ» አይሆንም። ስለዚህ ወደቀ።

አንዳንዱ አከራካሪ ነው። «ስሙ ከዝርዝሩ ወጣ» እና «ስሙ ዝርዝሩ ላይ ወጣ» ሲባል ልዩነቱን ያመጡት «ከ» እና «ላይ» ናቸው ሊባል ይችላል። እኔ ግን «ወጣ»ን አሳልፈዋለሁ፤ ያለ አጋዥም ይገለበጣልና። ፀሐይ ወጣች፦ አለች። ክረምቱ ወጣ፦ የለም። «ገባ»ን በሁለቱ ላይ ቢሞክሩት ደግሞ መልሱ በግልባጩ ይመጣል።