ኡቡንቱ ሲጫን ዲስኩን መቆለፍ፦ ባለቤቱን ራሱን ውጭ የሚያስቀሩ ስህተቶች

ስታዲየም አካባቢ ባለችው የጥገና ክፍላችን ኡቡንቱ ሲያስጭኑ ሙሉ ዲስኩ ኢንክሪፕት እንዲሆንላቸው የሚጠይቁ ደንበኞች አሉ። "ላፕቶፔ ቢሰረቅ ፋይሌን ማንም እንዳያየው" ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሌባው ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ማሽን ላይ ቢሰካው የሚያገኘው ትርጉም የለሽ ዳታ ነው። ችግሩ ማሽኑ ባለቤትና ሌባ ለይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው ይለፍ ሐረጉን ብቻ ነው። ሐረጉ ከጠፋ እኛም ሆንን ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች የምንከፍትበት የኋላ በር የለም።

አጻጻፉን ሳይወስኑ የአማርኛ ሐረግ መምረጥ

ይሄኛው የእኛው የራሳችን ችግር ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር። አንድ ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ የትርጉም ባለሙያ ላፕቶፓቸውን አቅፈው መጡ።

"ልጄ፣ ቃሉን አልረሳሁትም። ማሽኑ ነው እምቢ ያለኝ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ቃሉ በአማርኛ ነው?"

"አዎ፤ ፀሐይ፣ ገበያ፣ ቡና፣ ውሃ።"

"በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት አድርገው ነበር የጻፉት?" ስላቸው ዝም አሉ።

ማሽኑ ሲነሣ `Please unlock disk` በሚለው ገጽ ላይ አማርኛ መጻፊያው ገና አልተነሣም። ስለዚህ ሐረጉ በላቲን ፊደል መሆን አለበት፤ ለአማርኛ ደግሞ ሁላችንም የምንስማማበት የላቲን አጻጻፍ የለንም። ፀሐይን አንዱ `tsehay`፣ ሌላው `tsehai`፣ ሌላው `sehay` ብሎ ይጽፋል። ያው ሰው ራሱ ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ ይጽፋል። የሚጻፈው በነጥብ ስለሚሸፈን ደግሞ ስህተቱን በዓይን አይቶ ማረም አይቻልም።

ወረቀት አውጥተን ቆጠርን። ለፀሐይ ሦስት አጻጻፍ፣ ለገበያ ሁለት፣ ለቡና ሁለት፣ ለውሃ ሦስት፤ ሲባዛ 36 ሆነ። በቃላቱ መካከል ክፍት ቦታ ይኑር፣ ሰረዝ ይኑር ወይስ ይያያዙ የሚለው ሲጨመር 108፣ የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ የሚለው ሲጨመር 216 ደረሰ። ሁሉንም `list.txt` በሚባል ፋይል ውስጥ በየመስመሩ አሰፈርን። ማሽኑን ከፍላሽ አስነሥተን፣ በ`lsblk -f` የትኛው ክፍል `crypto_LUKS` እንደሚል አየንና ይህን ሰጠነው፦

```
while IFS= read -r p; do
  printf '%s' "$p" | sudo cryptsetup open \
    --test-passphrase --key-file - /dev/sda3 \
    2>/dev/null && echo "$p"
done < list.txt
```

ትእዛዙ ዲስኩ ላይ ምንም አይጽፍም፤ ሐረጉ ልክ መሆን አለመሆኑን ብቻ ይፈትሻል። አንዱ ሙከራ ሦስት ሰከንድ ገደማ ይወስድ ስለነበር ሁሉም ተሞክሮ ቢያልቅ እንኳ ከ11 ደቂቃ አያልፍም። ከመሃል ላይ `tsehai gebya bunna wuha` የሚል መስመር ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ።

ጋሼ የዳኑት ቃላቱን ከነቅደም ተከተላቸው ስለያዙ ብቻ ነው። ሙከራው ቀርፋፋ የሆነው ሆን ተብሎ ነው፤ ሲጫን የማሽኑን ፍጥነት ለክቶ እያንዳንዱ ሙከራ ሁለት ሰከንድ ገደማ እንዲፈጅ ይደረጋል። አራቱ ቃላት ከ1,000 ቃላት መካከል በዕጣ የወጡ ቢሆኑና ሁሉም ቢረሱ፣ በዚያው ማሽን ሁሉንም መሞከር ከ60 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጃል።

ስለዚህ ሲጭኑ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል ይጻፉት፤ ሁሉም ትንንሽ ፊደል፣ በቃላቱ መካከል አንድ ክፍት ቦታ። እንደ `@` ያሉ ምልክቶችን ይተዉ፤ በአሜሪካና በእንግሊዝ ኪቦርድ አቀማመጥ ቦታቸው ስለሚለያይ ሲጭኑ የነካኩትና ማሽኑ ሲነሣ የሚያገኙት ላይገጥም ይችላል። ተጭኖ ሲያልቅ አንድም ፋይል ሳይገለብጡ በፊት ማሽኑን ሁለት ጊዜ አጥፍተው ያስነሡትና ከወረቀቱ እያዩ ያስገቡ። እምቢ ካለ ያን ጊዜ የሚጠፋ ነገር የለም፤ እንደገና ይጭኑታል።

የመግቢያውን ይለፍ ቃልና የዲስኩን ሐረግ ማምታታት

ሁለቱ የማይተዋወቁ ቁልፎች ናቸው። የዲስኩ ሐረግ የሚጠየቀው ማሽኑ ሲነሣ ነው፤ የመግቢያው ደግሞ ዲስኩ ከተከፈተ በኋላ። በሴቲንግ ገብተው የመግቢያውን ቢቀይሩ የዲስኩ እንደነበረ ይቀራል። "የረሳሁትን ፓስወርድ ባለፈው በቀላሉ አስቀይሬያለሁ" የሚል ሰው ያስቀየረው የመግቢያውን ነው፤ እሱም የሚቀየረው ዲስኩ ሲከፈት ብቻ ነው።

አንድ ቁልፍ ብቻ መተው

ዳታውን የሚመሰጥረው እርስዎ የጻፉት ሐረግ አይደለም። ኡቡንቱ የሚጠቀምበት ሉክስ የሚባለው አሠራር አንድ ዋና ቁልፍ በዕጣ ያወጣል፤ ሐረግዎ ያን ዋና ቁልፍ የያዘች ሣጥን ይከፍታል። ሣጥኖቹ ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በሁለተኛው የሉክስ ስሪት እስከ 32። ስለዚህ ማሽኑ ገና በተጫነበት ቀን ሁለተኛ ሐረግ ይጨምሩ፦

```
sudo cryptsetup luksAddKey /dev/sda3
```

መጀመሪያ ነባሩን ሐረግ፣ ቀጥሎ አዲሱን ይጠይቃል። ሐረጉ ከጠፋ በኋላ ግን ይህ መንገድ ይዘጋል፤ ነባሩን ሳያውቁ አዲስ መጨመር አይቻልምና። ሁለተኛው ሐረግ በወረቀት ተጽፎ ከላፕቶፑ ርቆ ይቀመጥ፤ በታሸገ ፖስታ እናት ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠ ደንበኛ አለኝ፣ ጥሩ ቦታ ነው። በዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ማስቀመጥ ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መዝጋት ነው። ከፍላሽ በተነሣው ኡቡንቱ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጡት ፋይልም ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

እግረ መንገዴን፦ ሣጥኖቹ ያሉት በዲስኩ ክፍል መጀመሪያ ላይ፣ በሁለተኛው ስሪት 16 ሜጋ ባይት በምታህል ቦታ ነው። በስህተት ዊንዶውስ ሲጫን ወይም ፎርማት ሲደረግ እሷ ከተጻፈባት ትክክለኛው ሐረግም አይሠራም። ኮፒዋን በ`luksHeaderBackup` አውጥተው በሌላ ፍላሽ ይያዙ። ኮፒዋ ግን ሐረጉን አትተካም።

ሐረጉ እንደጠፋ ሲታወቅ ማሽኑን ማጥፋት

ላፕቶፑን ሳያጠፉ እየከደኑ ብቻ የሚጠቀሙ ሰዎች ሐረጉን ለወራት ሳይጽፉት ይቆዩና ይረሱታል። አራት ኪሎ የምትማር አንዲት ተመራቂ ደወለችልኝ። ሲስተሙ "ሪስታርት አድርጊኝ" ብሏት ልትጫን ስትል ነበር ሐረጉ እንደጠፋት የታወቃት።

"እንዳታጠፊው እህቴ" አልኳት። "አሁን ክፍት ነው፤ ፋይሎችሽ ሁሉ ይነበባሉ። ቻርጀሩን ሰክተሽ ኤክስተርናል ዲስክ ፈልጊ።"

መብራት ቢሄድ ባትሪው አንድ ሰዓት ይይዛል አለችኝ። መጀመሪያ የመመረቂያ ጽሑፏን፣ ቀጥሎ ፎቶዎቿን፣ መጨረሻ ላይ የቀረውን ገለበጠች። እንድትከፍት ያልኳት ሦስት ፋይሎች ከኤክስተርናሉ ላይ ተከፈቱ። ከዚያ በኋላ ማሽኑን አጥፍታ ይዛው መጣች፤ እንደ አዲስ ስንጭነው መጀመሪያ ያወጣችው እስክሪብቶ ነበር።