ማክሲመም ላይክሊሁድን በሳንቲም መስራት፡ ሎስ ፈንክሽን ከየት ነው የሚመጣው?

ማሽን ለርኒንግ ስትጀምሩ ስለ ሎስ ፈንክሽን፣ ማለትም የሞዴሉን ስህተት ስለሚለካው ፎርሙላ፣ "አዎ/አይደለም መለየት ከሆነ ክሮስ ኢንትሮፒ፣ ቁጥር መገመት ከሆነ ሚን ስኩዌርድ ኤረር ተጠቀሙ" ይባልና ይታለፋል፣ ለምን ብሎ የሚያስረዳ ግን ብዙ የለም። ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ ቦታ ነው፣ ከማክሲመም ላይክሊሁድ ኢስቲሜሽን፣ ማለትም ያየነው ዳታ የመምጣት እድሉን ከሁሉ በላይ የሚያደርገውን ቁጥር ከመምረጥ። ይሄን በገዛ እጃችሁ ለማውጣት ሎጋሪዝምና ትንሽ ዴሪቬቲቭ ካስታወሳችሁ ይበቃል።

1. ዳታውን ያዙ

አንድ ሳንቲም 10 ጊዜ ተወረወረ፣ 7 ጊዜ ዘውድ 3 ጊዜ ጎፈር መጣ እንበል። ዘውድ የመምጣት ፕሮባቢሊቲውን p እንበለውና እሱን እንፈልግ። መልሱ 0.7 መሆኑን ማንም ሳያሰላ ይገምታል፣ እኛ የምንፈልገው ግን መንገዱን ነው፣ ምክንያቱም ያው መንገድ መልሱ በዓይን የማይታይበት ሞዴል ላይም ይሰራል።

2. ላይክሊሁዱን ጻፉ

አንዱ ውርወራ ሌላውን አይነካም ብለን ስለምናስብ የእያንዳንዱን ፕሮባቢሊቲ እናባዛለን፦

```
L(p) = p^7 * (1-p)^3
```

አሁን የተለያየ p እያስገባችሁ ሞክሩ፦

```
p = 0.5   L = 0.00098
p = 0.6   L = 0.00179
p = 0.7   L = 0.00222
p = 0.8   L = 0.00168
p = 0.9   L = 0.00048
```

ትልቁ 0.7 ላይ ነው፣ አለቀ። "7 ዘውድ በስንት አይነት ቅደም ተከተል ሊመጣ ይችላል" ብላችሁ በ120 ብታባዙትም ሁሉም እኩል ነው የሚያድገው፣ ጫፉ ከቦታው አይነቃነቅም።

ሰው ሁሉ የሚደናቀፈው ግን እዚህ ጋ ስለሆነ ቀስ እንበል። 0.00222 ማለት "p 0.7 የመሆን እድሉ 0.00222 ነው" ማለት አይደለም። p 0.7 *ቢሆን ኖሮ* ልክ ይሄ ያየነው ቅደም ተከተል የመምጣት እድሉ ነው። በፕሮባቢሊቲ ስናስብ ሳንቲሙን እናውቀዋለን፣ ጥያቄው ምን አይነት ውጤት ይመጣል ነው። በላይክሊሁድ ግን ውጤቱ መጥቶ አልቋል፣ ዳታው አይቀየርም፣ የምናንቀሳቅሰው ሳንቲሙን ነው፣ እንዲህ ቢሆንስ እንዲያ ቢሆንስ እያልን። ፎርሙላው አንድ ነው፣ የሚቀያየረው የትኛው ተይዞ የትኛው እንደሚንቀሳቀስ ብቻ ነው። ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ L(p)ን ከ0 እስከ 1 ኢንተግሬት አድርጉት፣ የሚወጣው 1/1320 ነው፣ 1 አይደለም። ስለዚህ ይሄ ከርቭ የp ፕሮባቢሊቲ ሊሆን አይችልም። ቁጥሩ ማነሱም አያስደንግጣችሁ፣ ብቻውን ምንም አይናገርም፣ ጥቅሙ አንዱን p ከሌላው ጋር ማወዳደር ነው።

3. ሎግ ውሰዱ

ሎግ ማባዛትን ወደ መደመር ይቀይራል፣ እያደገ ብቻ የሚሄድ ፈንክሽን ስለሆነም ጫፉ ያለበትን ቦታ አይቀይርም፦

```
log L = 7*log(p) + 3*log(1-p)
```

ዴሪቬቲቩን ዜሮ ስታደርጉት 7/p = 3/(1-p) ይሆናል፣ ከዛ p = 0.7።

ሎጉ ለወረቀት ስሌት ምቾት ብቻ የሚመስለው ሰው አለ፣ ኮምፒውተር ላይ ግን ግዴታ ነው። ፓይተን ላይ `0.5**2000` ብላችሁ ጻፉ፣ `0.0` ይላችኋል። 2000 ውርወራ ብዙ ዳታ አይደለም፣ ግን ላይክሊሁዱ ኮምፒውተሩ ሊይዘው ከሚችለው ቁጥር በታች ወርዶ ጠፋ፣ ከዛ በኋላ ሁሉም p እኩል ዜሮ ስለሚሆን የሚወዳደር ነገር የለም። በሎግ ስትሰሩት ደግሞ -1386 አካባቢ ነው፣ ምንም ችግር የለውም። አባዝቶ መጨረሻ ላይ ሎግ መውሰድም አያድንም፣ ከመጀመሪያው ሎጎቹን ነው መደመር።

4. ማይነስ አድርጉትና ለ10 አካፍሉ

ኦፕቲማይዘሮች የለመዱት ማሳነስ ስለሆነ ማይነስ እናደርገዋለን፣ የዳታ ብዛት ቁጥሩን እንዳያሳብጠው ደግሞ አማካዩን እንወስዳለን። ዘውድን y = 1፣ ጎፈርን y = 0 ካልን የአንዱ ውርወራ ድርሻ ይሄ ነው፦

```
-( y*log(p) + (1-y)*log(1-p) )
```

ይሄ ባይነሪ ክሮስ ኢንትሮፒ ነው። ይመስላል ሳይሆን ራሱ ነው። ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ላይም ሆነ ኒውራል ኔትወርክ ላይ የሚለየው p ለሁሉም አንድ መሆኑ ቀርቶ ለእያንዳንዱ ምሳሌ ሞዴሉ የየራሱን p ማውጣቱ ብቻ ነው። ሚን ስኩዌርድ ኤረርም በዚሁ መንገድ ይወጣል፣ በሳንቲሙ ፋንታ "ስህተቱ ኖርማል ዲስትሪቢውሽን አለው፣ ስፋቱም ለሁሉም አንድ ነው" ብላችሁ ብትነሱ ሎጉ ኤክስፖነንሻሉን ያነሳውና የሚቀረው (y - ግምት)^2 ነው። ስለዚህ ሎስ መምረጥ ማለት ዳታው እንዴት እንደመጣ የምታስቡትን መናገር ነው።

5. ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት

```python
import numpy as np
y = np.array([1,1,0,1,1,0,1,1,0,1])
p = np.linspace(0.01, 0.99, 99)
k, n = y.sum(), len(y)
loss = -(k*np.log(p) + (n-k)*np.log(1-p)) / n
print(p[loss.argmin()], loss.min())
```

0.7 እና 0.611 አካባቢ ይወጣል። ለዚህ ለሳንቲም ትልቅ ፍሬምወርክ መክፈት አያስፈልግም፣ እንዲያውም ነገሩን ይደብቀዋል።

6. ቁጥሩን አንብቡት

እኔ በጣም የምወደው ይሄን ክፍል ነው። p = 0.5 ላይ ሎሱ 0.693 ነው፣ ማለትም ln 2። ስለዚህ ሁለት ክላስ ያለው ሞዴል ትሬይን ስታደርጉ ሎሱ 0.693 አካባቢ ከጀመረ ጤነኛ ነው፣ ገና ምንም ሳያውቅ ግማሽ በግማሽ እየገመተ ነው። ዳታችሁ ውስጥ 70 ፐርሰንቱ 1 ከሆነና ሎሱ ወደ 0.611 ወርዶ እዛው ከቆመ ግን ተጠራጠሩ፣ ሞዴሉ ኢንፑቱን ሳያይ "ባጠቃላይ 70 ፐርሰንት 1 ነው" የሚለውን ብቻ ነው የተማረው፣ ልክ እንደኛ ሳንቲም። አኩሬሲው 70 ስለሚሆን ደህና የሰራ ሊመስል ይችላል። ፊቸሮቹ በትክክል መግባታቸውን፣ ሌብሎቹ ከረድፋቸው ጋር አለመዘበራረቃቸውን ቼክ አድርጉ። ከ0.693 በላይ ከሆነ ደግሞ ሞዴሉ እርግጠኛ ሆኖ እየተሳሳተ ነው፣ የኛ ሳንቲም ላይ p = 0.9 ብላችሁ ብትደርቁ 0.765 ይመጣል።

ሌላው 3 ጊዜ ብቻ ወርውራችሁ 3ቱም ዘውድ ቢሆን ነው። ማክሲመም ላይክሊሁድ p = 1 ይላል፣ ጎፈር በፍጹም አይመጣም ማለት ነው። አራተኛው ጎፈር ቢመጣ log(0) ስለሚሆን ሎሱ ኢንፊኒቲ ይገባል፣ ስክሪን ላይ `inf` ወይ `nan` ታያላችሁ። ለሳንቲሙ ቀላሉ መፍትሄ በሁለቱም በኩል አንድ አንድ የውሸት ውርወራ መጨመር ነው፣ (3+1)/(3+2) = 0.8 ይሆናል። ይሄ ንጹህ ማክሲመም ላይክሊሁድ አይደለም፣ ግን ትንሽ ዳታ ላይ ከ1 እጅግ ይሻላል። ኒውራል ኔትወርክ ላይ የሞዴሉን ቁጥር ወደ ፕሮባቢሊቲ የሚቀይረውን ሲግሞይድ ለብቻ አስልታችሁ ሎግ አትውሰዱ፣ ሲግሞይዱ ተጠጋግቶ ልክ 1 ወይ 0 ሊሆን ስለሚችል ያው ችግር ይመጣል፣ ፓይቶርች ላይ ከሆናችሁ ከሲግሞይድ በፊት ያለውን ቁጥር ቀጥታ ለ`BCEWithLogitsLoss` ስጡት።