መኪናችሁ "ቶታል" ሲባል ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

ባለፈው ክረምት ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ በረዶ አንሸራቶኝ ምሰሶ ገጨሁ። መኪናዬ የ2017 ካምሪ ናት። እኔ ደህና ነኝ፤ መኪናዋ ግን ፊቷ ተጨፈለቀ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኢንሹራንሱ ደውሎ "ቶታል ሆናለች" አለኝ፤ ከማስጠገን ይልቅ ዋጋዋን እንከፍላለን ማለቱ ነው፤ አንድ ቁጥርም ነገረኝ። ሒሳቡ እንዴት እንደመጣ ያኔ ነው የተማርኩት፤ እናንተ ቀድማችሁ እወቁት።

መጀመሪያ ጋራዡ የጥገና ግምት ያወጣል። ይህ ቁጥር የመጨረሻ አይደለም። የእኔ መነሻው 9,200 ዶላር ነበር፣ ባምፐሩ ወልቆ ውስጡ ሲታይ ግን ራዲያተሩን የሚይዘው ብረትም ታጥፎ ስለተገኘ 10,900 ገባ። እና የመጀመሪያው ግምት ሲወጣ "ትሠራለች" ከተባላችሁ ገና አትደሰቱ።

ቀጥሎ ግምቱ ከመኪናው ዋጋ ጋር ይነጻጸራል። እዚህ ላይ ሕጉ እንደ ስቴቱ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ መኪናውን መንገድ ላይ በሕግ ለመንዳት የሚያበቃው ጥገና ከገበያ ዋጋው 75 በመቶ ካለፈ ሳልቬጅ ይባላል፤ ያኔ ቶታል ሆነ ማለት ነው። ቴክሳስ 100 በመቶ ነው። ካሊፎርኒያን የመሳሰሉት ደግሞ የጥገናውን ወጪ ከቁርጥራጩ ዋጋ ጋር ደምረው ድምሩ የመኪናውን ዋጋ ከደረሰ ቶታል ይላሉ። ቁርጥራጭ ስል ኢንሹራንሱ የተጎዳውን መኪና ጨረታ ላይ ሸጦ የሚያገኘውን ነው። ኩባንያው የስቴቱ ገደብ ሳይደርስም የማያዋጣ ሆኖ ካገኘው ቶታል ሊያደርገው ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የመኪናው ዋጋ የሚባለው ከአደጋው በፊት በነበረችበት ሁኔታ፣ በአካባቢያችሁ ገበያ የምታወጣው ነው። የገዛችሁበት አይደለም፣ ያለባችሁ ዕዳም አይደለም። ኢንሹራንሱ አብዛኛውን ጊዜ ለሌላ ድርጅት ያስገምታል፤ ድርጅቱም በአቅራቢያ የተሸጡ ወይም ለሽያጭ የቀረቡ ተመሳሳይ መኪኖችን ይሰበስባል። የእኔ ሪፖርት ላይ ሦስት ነበሩ፦ 14,200፣ 13,600 እና 14,500። አማካዩ 14,100 ይሆናል። የእኔዋ ብዙ ማይል ስለሄደች 300 ቀነሱ፣ ከዚያ "ለይዞታ" ብለው 650 ቀነሱ። 13,150 ቀረ። የዚህ 75 በመቶ 9,862 ነው፤ 10,900 አልፎታል፣ ቶታል።

ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት ሪፖርቱን ሙሉውን ጠይቁ። ጠቅላላውን ብቻ ቢነግሯችሁ አትቀበሉ። እኔ ሌሊት ቡናዬን ይዤ መስመር በመስመር ሳነብ ሞዴሉ ላይ "ኤልኢ" የሚል አየሁ፤ የእኔ ግን ቆዳ ወንበር ያላት "ኤክስኤልኢ" ናት። የቪን ቁጥሩንና የወንበሩን ፎቶ ላኩ፣ የተነጻጸሩት መኪኖች ተቀየሩ፣ ዋጋው 14,150 ሆነ። ያኔም ቢሆን 10,900 ከ75 በመቶው በላይ ስለሆነ ቶታልነቷ አልተለወጠም፣ ብሩ ግን በአንድ ሺህ ጨመረ። የይዞታው ቅናሽ ላይም ተከራክሬ ነበር፣ ምንም አላገኘሁም። ከአደጋው በፊት የተነሳ ፎቶ አልነበረኝማ።

ካልተስማማችሁ ውላችሁ ውስጥ አፕሬዛል የሚል አንቀጽ እንዳለ እዩ። ካለ እናንተም እነሱም አንዳንድ ገማች ታቀርባላችሁ፣ ካልተስማሙ ሁለቱ ዳኛ ይመርጣሉ። የራሳችሁን ገማች የምትከፍሉት እናንተ ስለሆናችሁ ለ300 ዶላር ልዩነት ባትሞክሩት ይሻላል። የከፈላችሁ የገጫችሁ ሰው ኢንሹራንስ ከሆነ ደግሞ ከእሱ ጋር ውል ስለሌላችሁ ይህ አንቀጽ አያገለግልም።

ከዚያ ክፍያው። 14,150 ላይ ታክስና የታይትል ክፍያ ወደ 900 ዶላር ተጨመረልኝ (ይህን ካላያችሁ ጠይቁ)፣ ዲደክቲብሌ 500 ተቀነሰ። 14,550 ሆነ። ብሩ ግን መጀመሪያ ለአበዳሪው ነው የሚሄደው፤ እኔ 5,000 ስለቀረብኝ 9,550 ደረሰኝ። ዕዳዬ 17,000 ቢሆን ኖሮ 2,450ውን ከኪሴ እከፍል ነበር። ጋፕ ኢንሹራንስ የሚባለው ያቺን ክፍተት ነው የሚሞላው።

መኪናዋን ማስቀረትም ይቻላል። የጨረታ ዋጋዋን፣ በእኔ ጉዳይ 2,800 ዶላር፣ ከክፍያው ይቀንሱና ይተዉላችኋል። ነገር ግን ታይትሏ ሳልቬጅ ይሆናል፣ ፍተሻ ሳታልፍ አትነዱም፣ ስትሸጧትም ዋጋዋ ይወርዳል። እኔ ተውኳት።

ሜሪላንድ ያላችሁ አንድ ነገር አትርሱ፦ ኢንሹራንሱን ከመሰረዛችሁ በፊት ታርጋውን ፈታችሁ ለኤምቪኤ መልሱ፤ አለዚያ መኪናዋ ተጎትታ ከሄደች በኋላም ቅጣት ይመጣባችኋል።