የፎልት ዓይነቶችን ስንለይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፎልት ማለት ድንጋይ ተሰብሮ አንዱ ወገን ከሌላው የተንሸራተተበት ስብራት ነው። ሦስቱን ዓይነቶች በሥዕል ማወቅ ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው እውነተኛ ገደል ፊት ስንቆም ነው።

አንደኛ፦ ከፍ ያለውን መሬት አይቶ መፍረድ

ብዙ ሰው በስብራቱ ግራና ቀኝ ያለውን መሬት ያይና «ይሄኛው ወገን ተነስቷል» ይላል። መነሳቱ ልክ ሊሆን ይችላል፣ ዓይነቱን ግን አይነግርም። ዝናብና ወንዝ ደግሞ የተነሳውን ወገን ጠርጎ ሊያስተካክለው ይችላል።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ፎልቱ ወዴት ያዘነብላል የሚለው ነው። የድሮ ማዕድን ቆፋሪዎች ፎልት ተከትለው ሲቆፍሩ ከእግራቸው በታች አንድ ድንጋይ፣ ከራሳቸው በላይ ፋኖስ የሚሰቅሉበት ሌላ ድንጋይ ነበር። የላዩ ድንጋይ ቁልቁል ከተንሸራተተ ኖርማል ፎልት ነው። ሽቅብ ከወጣ ሪቨርስ ይባላል። ወደ ጎን ከተንሸራተተ ስትራይክ-ስሊፕ ነው፤ ፎልቱ ብዙውን ጊዜ ቀጥ ብሎ የቆመ ስለሚሆንም ያኔ ላይና ታች የሚባል ነገር አይኖረውም።

አግድም በተነጠፉ ድንጋዮች ውስጥ ጉድጓድ ቀጥ ብሎ ሲቆፈር ልዩነቱ ቁልጭ ይላል። ኖርማል ፎልት ከተሻገረ አንድ ንጣፍ ይጎድላል። ሪቨርስ ከሆነ ያው ንጣፍ ሁለት ጊዜ ይመጣል።

ሁለተኛ፦ «ሲሳብ ኖርማል፣ ሲገፋ ሪቨርስ» ብሎ መጨረስ

ለፈተና ይበቃል። ግን ጥልቀት ላይ ያለ ድንጋይ በየአቅጣጫው እንደተጨመቀ ነው፤ የሚለያየው የጭነቱ መጠን ነው። ስለዚህ መታየት ያለበት ከሦስቱ አቅጣጫዎች የትኛው በጣም ይጫናል፣ የትኛው በጣም ይቀልላል የሚለው ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። 5 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ የድንጋዩ ክብደት ብቻ ወደ 130 ሜጋፓስካል የሚደርስ የቁም ጫና ይፈጥራል። የቀሩትን ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል ልስጥ።

የምሥራቅ-ምዕራቡ ጫና 40፣ የሰሜን-ደቡቡ 90 ቢሆን ትልቁ የቁሙ ነው። ኖርማል ፎልት ይፈጠራል፤ መሬቱ የሚሰፋው ወደ ደካማው አቅጣጫ፣ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ 40ም ቢሆን መጫን ነው እንጂ መሳብ አይደለም።

አሁን ምሥራቅ-ምዕራቡን ወደ 320፣ ሰሜን-ደቡቡን ወደ 100 እናድርግ። «በጣም ተገፍቷል፣ ሪቨርስ ነው» ማለት ያጓጓል። አይደለም። ትንሹ ጫና የሰሜን-ደቡቡ ስለሆነ ድንጋዩ ማምለጫው በጎን ነው፤ ውጤቱ ስትራይክ-ስሊፕ ነው። ሪቨርስ የሚመጣው ትንሹ ጫና የቁሙ ሲሆን ብቻ ነው። ሰሜን-ደቡቡን 180፣ ምሥራቅ-ምዕራቡን 410 ብናደርግ ድንጋዩ ማምለጫ የሚያገኘው ወደ ላይ ብቻ ነው። ሁለቱም ጊዜ ትልቁ ግፊት ከአንድ አቅጣጫ መጣ፤ ፎልቱን የለወጠው ትንሹ ጫና ነው። (እነዚህ ቁጥሮች ለደረቅ ድንጋይ ናቸው። በቀዳዳዎቹ ውስጥ ግፊት ያለው ውሃ ካለ ፎልቱ በትንሽ ልዩነትም ይንሸራተታል።)

ሦስተኛ፦ ስትራይክ-ስሊፕ ከግፊቱ ጋር ትይዩ ወይም ቀጥ ያለ ማዕዘን ላይ ነው ማለት

አዲስ ስብራት ብዙውን ጊዜ ከትልቁ ጫና አቅጣጫ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ዘወር ብሎ ነው የሚወጣው። ከላይ ባለው ምሳሌ አንዱ ወደ ምሥራቅ-ሰሜን ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምሥራቅ-ደቡብ ምሥራቅ ይዘረጋል። በመጀመሪያው ማዶ ያለው መሬት ወደ ቀኛችን፣ በሁለተኛው ወደ ግራችን ይሄዳል። ከየትኛውም ወገን ቆመን ብናይ ቀኙ ቀኝ፣ ግራውም ግራ ሆኖ ይቀራል፤ ካላመናችሁ ሁለት መጽሐፍ ጎን ለጎን አንሸራትቱ።

አራተኛ፦ ንጣፉ ከፍ ብሎ ስለታየ ተነስቷል ማለት

እኔንም ያታለለኝ ይሄ ነው። ወደ ምሥራቅ 45 ዲግሪ ያዘነበሉ ንጣፎችን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ የቆመ ፎልት ቆርጧቸዋል እንበል። ሰሜኑ ወገን 100 ሜትር ወደ ምሥራቅ ብቻ ሄደ፤ ቅንጣት አልተነሳም። ከሰሜን ወደ ደቡብ የተቆረጠ ገደል ላይ ግን ያው ንጣፍ በሰሜን በኩል 100 ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል። ምክንያቱም አሁን ያለበት ቦታ ላይ የመጣው ከምዕራብ፣ ንጣፉ ጥልቀቱ ትንሽ ከሆነበት ነው።

ሐቁን የሚያወጣው ፎልቱ ላይ ያለው ጭረት ነው። ድንጋዮች ሲፋተጉ የለሰለሰ ገጽ ላይ መስመር ይጥላሉ። መስመሩ አግድም ከሆነ እንቅስቃሴው የጎን ነው፣ ቁልቁል ከሆነ የላይና ታች። ጭረት ከሌለ አንድ መስመር ይፈለጋል፦ የወንዝ መውረጃ፣ መንገድ፣ አጥር። በ1906 በካሊፎርኒያው የሳን አንድሪያስ ፎልት የተቆረጡ አጥሮች ሜትሮች ያህል ወደ ጎን ተዛንፈው ተገኝተዋል።

ጭረት ሲነበብም የትላንቱን ጫና ከዛሬው ጋር እንዳናምታታ። ጥንት ኖርማል ሆኖ የተፈጠረ ፎልት በኋላ ሲገፋ በዚያው ስብራት ሽቅብ ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ ወደ 60 ዲግሪ ያዘነበለ ፎልት ሁሉ ኖርማል፣ ወደ 30 የሆነው ሁሉ ሪቨርስ ነው አይባልም። አንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት ጭረት ተደራርቦ ካያችሁ የላዩ፣ የታችኛውን የሚቆርጠው፣ የኋለኛው ነው።