ታጋሹ አስጠኚ ጠባዩን እንዳይለውጥ ያደረግሁት

ደሴ ፒያሳ አጠገብ ለምናስጠናቸው ልጆች የቋንቋ ሞዴሉን «ታጋሽ የሒሳብ አስጠኚ ነህ» ብለነው ነበር። መጀመሪያ ላይ 3x + 5 = 20 ሲቀርብለት «5ን ከግራ በኩል ለማስወገድ ምን እናድርግ?» እያለ ይጠይቃል። ሰዓቱ ሲገፋ ግን አንዲት ተማሪ «መልሱን ብቻ ንገረኝ» ብላ ወጥራ ያዘችው፤ x = 5 ብሎ ዘረገፈው። ከዚያ ወዲያ ሥራው መልስ ማደል ብቻ ሆነ።

ሞዴሉ በየተራው የቀደመውን ንግግር መልሶ ያነባል። ስለዚህ ያ ያፈተለከ መልስ ለቀጣዩ ምሳሌ ይሆነዋል፤ የመጀመሪያው መመሪያ ደግሞ በረጅሙ ንግግር ተውጦ ኃይሉ ይሳሳል።

ከንግግሩ በፊት ለሞዴሉ መመሪያ በሚሰጥበት በ`system` መልእክቱ ውስጥ «ታጋሽ» የሚለውን ቅጽል በድርጊት ተካሁት፦ «በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ጠይቅ፤ ተማሪው ሁለት ጊዜ ሳይሞክር መልስ አትስጥ፤ ቢለምንህ ትንሽ ፍንጭ ስጥ።» ፕሮግራሙም ይህንኑ በአጭሩ ከእያንዳንዱ አዲስ የተማሪ መልእክት ሥር ይጨምራል። ያፈተለከ መልስ ሲገኝ ከንግግሩ መዝገብ አውጥቼ በፍንጭ እተካዋለሁ፤ በእኔ ግምት ከሁሉ የበለጠ የሠራው ይህ ነው። ንግግሩ በጣም ሲረዝም የቆዩት መልእክቶች ይቆረጣሉ፤ `system` ግን አይነካም። ምዕራፍ ሲቀየር አዲስ ንግግር እንከፍታለን።